የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሥራ ማመልከቻ፦ ምን እንበል፣ ምን እንተው?



በዚህ ዓመት ተመራቂዎቻችን በቴሌግራም ከሚያገኟቸው የሥራ ማስታወቂያዎች አንዳንዶቹ ከሲቪና ከትራንስክሪፕት በተጨማሪ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ «ራስዎን የሚያስተዋውቁበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይላኩ» ይላሉ። ባለፈው ወር አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ እህታችን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አግኝታ፣ ቪዲዮዋን በስልኳ ቀርጻ፣ ከመላኳ በፊት እንድናይላት አመጣችልን። ሥራው በአንድ አስመጪ ድርጅት የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ነበር። ማመልከቻው ሊዘጋ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነው።

ቪዲዮው 1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ይፈጃል። ሰዓት ይዘን ስናዳምጥ 40ኛው ሰከንድ ላይ ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ላይ ነበረች። ከዚያ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ ጫናን የምቋቋምና ቶሎ የምማር ነኝ» አለች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ «ዕድሉ ቢሰጠኝ አላሳፍራችሁም» ብላ ጨረሰች። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ግን አይተን ስንጨርስ ይህች እህት ምን መሥራት እንደምትችል ከመካከላችን ሊናገር የቻለ ሰው አልነበረም። እኛ እንኳ እያወቅናት አልቻልንም፤ የማያውቃት ቀጣሪ ከየት ያመጣዋል?

በአራቱ ቀናት ውስጥ አብረን ቁጭ ብለን ጽሑፉን እንደ አዲስ ሠራነው። እሷም ሌሎች እንዲጠቀሙበት ስለፈቀደች፣ ስሟንና የቦታዎቹን ስም ትተን የሠራነውን ደረጃ በደረጃ እናካፍላችኋለን።

ደቂቃዋ ለምን ትበቃለች?

ስለ ትውልድ ቦታ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ውጤት የሚነገረው ሁሉ ሲቪው ላይ ተጽፏል። ቀጣሪው ቪዲዮ የሚጠይቀው ያንኑ በድምፅ እንዲነበብለት አይደለም። ከቪዲዮው የሚፈልገው የሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው፦ ይህ ሰው ምን መሥራት ይችላል? መቻሉ የት ታየ? ከእኛ ጋር ለመሥራትስ ዝግጁ ነው? በተጨማሪም ሰውየው ሐሳቡን አሳጥሮ መናገር ይችል እንደሆነ ያያል። አንድ ደቂቃ ተብሎ ሁለት ደቂቃ የላከ ሰው ያንን የመጨረሻ ጥያቄ ገና ከመጀመሩ ወድቆበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የደቂቃዋን ልክ አወቅን። ስድስት ሆነን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ረጋ ብለን፣ ሰዓት ይዘን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን። ብዙዎቻችን በደቂቃ ከ100 እስከ 110 ቃላት አነበብን። እናንተም የራሳችሁን ለኩ፤ ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነና ቪዲዮውም በእንግሊዝኛ የሚፈለግ ከሆነ ልኬቱን በእንግሊዝኛ ድገሙት። የእንግሊዝኛ ቃላት አጫጭር ስለሆኑ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አማርኛውን ጽፎ መተርጎም ግን አይመከርም፤ ያው ሐሳብ በእንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ሲጻፍ አጭርና ለአፍ የሚቀል ይሆናል።

ከዚያ ደቂቃዋን እንዲህ ከፈልናት፦ ለሰላምታና ለማንነት 8 ሰከንድ፣ ለችሎታ 12 ሰከንድ፣ ለምሳሌው 25 ሰከንድ፣ ለመዝጊያው 13 ሰከንድ። ድምሩ 58 ነው፤ ሁለቷን ሰከንድ ለትንፋሽ ተውናት። ትልቁ ድርሻ ለምሳሌው መሰጠቱን ልብ በሉ። በመጀመሪያው ቪዲዮ ውስጥ ምሳሌ የሚባል ነገር አልነበረም።

ችሎታ፦ ከማስታወቂያው ላይ ሁለት ብቻ

«ታታሪ» እና «ታማኝ» የሚሉት ቃላት ችግራቸው ማንም ሰው ሊላቸው መቻሉ ነው። አድማጩ ሊያረጋግጣቸው አይችልም፤ ስለዚህ አይጽፋቸውም፣ አያስታውሳቸውም። ችሎታ የሚባለው በግስ የሚነገር ነገር ነው፦ አመሳክራለሁ፣ እገጥማለሁ፣ እጠግናለሁ፣ አስተምራለሁ።

እህታችን ማስታወቂያውን ከፍታ ግሶቹን ብቻ እንድታሰምርባቸው ጠየቅናት። አምስት አገኘች። ከአምስቱ ውስጥ «የመጋዘንና የሽያጭ ደረሰኞችን በየቀኑ ማመሳከር» እና «ሳምንታዊ ሪፖርት በኤክሴል ማዘጋጀት» የሚሉትን በእጇ ሠርታቸዋለች። ሌሎቹን ሦስቱን በክፍል ውስጥ ተምራቸዋለች እንጂ አልሠራቻቸውም። ስለዚህ ሁለቱን ወሰድን።

ለምን ሦስቱን አልጨመርንም? አምስት ችሎታ በ12 ሰከንድ ሲደረደር ዝርዝር ይሆናል፤ ዝርዝር ደግሞ ሲቪው ላይ አለ። ሁለት ሲሆን ግን እያንዳንዱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ቦታ ይገኛል። «ኤክሴል እችላለሁ» ከማለት «በኤክሴል ሌላ ሰው አንብቦ የሚረዳው ሰንጠረዥ አዘጋጃለሁ» ማለት ይበልጣል፤ ሁለተኛው በሥራ ላይ የምትሰጠውን ጥቅም ይናገራል።

ምሳሌው፦ «ምንም አልሠራሁም» ከሚል መልስ በኋላ

«አንድ የሠራሽውን ነገር ንገሪን» ስንላት የመጀመሪያ መልሷ «እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም፣ ኢንተርንሺፕ ብቻ ነው የወጣሁት» የሚል ነበር። ይህን መልስ ከብዙዎቻችሁ ሰምተነዋል። መፍትሔው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ምን ሠራሽ?» ከማለት «እዚያ ሳለሽ የተበላሸ ወይም ያልገጠመ ነገር ምን ነበር?» ብለን ጠየቅን። ያኔ ታሪኩ ወጣ።

ኢንተርንሺፕ የወጣችው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ዕቃ ሲወጣ ሞዴል 22 ይሞላል። ከዚያ በእያንዳንዱ ዕቃ ቢን ካርድ ላይ የገባው ይደመራል፣ የወጣው ይቀነሳል። ስለዚህ በማንኛውም ቀን ካርዱ ላይ ያለው ቀሪ ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አንድ መሆን አለባቸው። ቆጠራ ሲደረግ ግን ከ48 ዓይነት ዕቃ የ9ኙ ብዛት ከካርዱ ያነሰ ሆነ። የክፍሉ ሠራተኞች ተጨነቁ፤ ዕቃ ጎደለ ማለት ጠያቂ አለው ማለት ነው።

እሷ ያደረገችው ቀላል ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነበር። የሞዴል 22 ቅጂዎችን ሰብስባ በተራ ቁጥራቸው ደረደረች። ከዚያ እያንዳንዱን ደረሰኝ ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ሰዉ በሚበዛባቸው ከሰዓት በኋላዎች ደረሰኙ ተሞልቶ ዕቃው ይወጣል፤ ካርዱ ላይ መጻፉ «ነገ ይደርሳል» ተብሎ ይቆያል፣ ከዚያም ይረሳል። በሦስት ቀን ሥራ የ7ቱ ዕቃዎች ልዩነት እንዲህ ተገለጸ። የቀሩት 2 ግን ምክንያታቸው አልተገኘም። የደረሰችበትን በኤክሴል ሰንጠረዥ አድርጋ ለኃላፊዋ አስረከበች።

ይህን የምታህል ታሪክ ይዛ ነው «ምንም አልሠራሁም» ያለችን።

የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ወንድም «የሁለቱን ነገር ለምን ታነሻለሽ? ችግሩን ፈታሁ ብለሽ እለፊ» አላት። ሁለተኛ ረቂቋ ላይም «ልዩነቱን በሙሉ አስተካከልኩ» ብላ ጽፋ ነበር። እሷ ራሷ ግን አልተመቻትም፤ «አላስተካከልኩትም እኮ» አለች። ከአላህ ዘንድ ያለው ተጠያቂነት ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ እዚያ ላይ ብዙ አልተናገርንም። ግን ከሥራው በኩልም ብናየው እሷ ትክክል ነበረች። ሒሳብ የሚያውቅ ቀጣሪ «በሙሉ አስተካከልኩ» የሚል ሰው ሲሰማ ይጠራጠራል፤ የማይገጥም ቁጥርን በግድ የሚያስገጥም ሠራተኛ ለድርጅት አደጋ ነውና። «ሰባቱን አገኘሁ፣ ሁለቱን ለኃላፊዬ አስረከብኩ» የሚል ሰው ግን የሥራውን ወሰን ያውቃል። የማይገጥመውን አይደብቅም፣ ለማን እንደሚያስረክብም ያውቃል። «ታማኝ ነኝ» ሳትል ታማኝነቷን ያሳየችው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ጨመርን። አንደኛ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ቪዲዮው ላይ አልጠራንም፤ ስለ ጎደለ ንብረት ስለሚናገር ሌሎችን ሊነካ ይችላል። ስሙ ሲቪው ላይ አለ፣ ያ ይበቃል። ሁለተኛ፣ «ሞዴል 22» የሚለውን «የወጪ ደረሰኝ» ብለን ቀየርነው። ቪዲዮውን መጀመሪያ የሚያየው የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የሒሳብ ባለሙያው የሚያየው ኋላ ነው። ሁለቱም የሚረዱትን ቃል መርጠናል።

መዝጊያው፦ ይሉኝታን ለአንድ ደቂቃ ማስቀመጥ

«ዕድሉ ቢሰጠኝ አላሳፍራችሁም» የሚለው አባባል ከቤት የመጣ ነው። ትሕትና ነው፤ በሽማግሌዎች ፊት ያምራል። በቪዲዮ ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። «ቢሰጠኝ» ማለት ሁሉን ለአድማጩ ፈቃድ ይተዋል፤ «አላሳፍራችሁም» ደግሞ ማሳፈር የሚባለውን ነገር ራሱ ያስታውሳል። በተቃራኒው «ከእኔ የተሻለ አታገኙም» ማለትም መተማመን አይደለም፤ ሌሎቹን አመልካቾች ሳያዩ የተነገረ ግምት ነው።

በራስ የሚተማመን መዝጊያ ሦስት እውነቶች አሉት፦ እናንተ የምትፈልጉት ይህን ነው፤ እኔ ይህን እችላለሁ፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ዝግጁ ነኝ። ሦስቱም ሊረጋገጡ የሚችሉ ናቸው። መተማመኑ የሚመጣው ከድምፅ ከፍታ ሳይሆን ከዚያ ነው።

«ኢንሻአላህ ልበል ወይስ ይቅር? የማመነታ ይመስልብኛል?» ብላ ጠይቃን ነበር። እኛ የተስማማንበት ይህ ነው፦ ስለ ወደፊት ቀን ስንናገር ልማዳችን ስለሆነ እንበለው፤ አገራችን ውስጥ የማይረዳው የለም። የሚያመነታ የሚመስለው የሚጠየቁትን ነገር ለማለፍ ሲባል ብቻ ነው። ቀኑ ተለይቶ ከተጠራ ግን ቃል መግባት መሆኑ ግልጽ ነው። «ኢንሻአላህ ሰሞኑን» እና «ኢንሻአላህ ከሐምሌ 1 ጀምሮ» የተለያዩ ናቸው። ሰላምታውን በተመለከተ ደግሞ፣ ቪዲዮውን ማን እንደሚያየው ስለማናውቅ ለሁሉም የሚሆነውን «ጤና ይስጥልኝ» መረጥን። አንድ ሰው ይሁን ብዙ ስለማይታወቅም «እናንተ» በሚል ተናገረች።

የተጠናቀቀው ጽሑፍ

አራት ጊዜ ከተሰረዘ በኋላ የቀረው ይህ ነው። 106 ቃላት አሉት፤ እሷ ረጋ ብላ በ57 ሰከንድ ትጨርሰዋለች።

«ጤና ይስጥልኝ። እገሊት እባላለሁ። የአካውንቲንግ ተመራቂ ነኝ፤ የማመለክተውም ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ነው።

ሁለት ነገር በደንብ እሠራለሁ። አንደኛ፣ ደረሰኞችን ከመዝገብ ጋር አመሳክሬ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አገኛለሁ። ሁለተኛ፣ በኤክሴል ሌላ ሰው አንብቦ የሚረዳው ሰንጠረዥ አዘጋጃለሁ።

ለምሳሌ በኢንተርንሺፕ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል 48 ዓይነት ዕቃ ስንቆጥር የ9ኙ ብዛት ከካርዱ ጋር አልገጠመም። የወጪ ደረሰኞቹን በተራ ቁጥራቸው ደርድሬ ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ዕቃ ወጥቶ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ የቀረባቸውን ቀናት አገኘሁ። በሦስት ቀን የ7ቱ ልዩነት ምክንያቱ ታወቀ። የቀሩትን 2 ዕቃዎች ከነዝርዝራቸው ለኃላፊዬ አስረከብኩ።

ማስታወቂያችሁ የመጋዘንና የሽያጭ ደረሰኞችን በየቀኑ የሚያመሳክር ሰው ይፈልጋል። ይህን ሥራ እችለዋለሁ። ኢንሻአላህ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ዝግጁ ነኝ፤ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩኝም የሠራሁትን የሰንጠረዥ ናሙና ይዤ እቀርባለሁ። አመሰግናለሁ።»

«ናሙና» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። የመሥሪያ ቤቱን እውነተኛ ሰንጠረዥ ይዞ መሄድ አይገባም፤ የእነሱ ሰነድ ነው። እሷ ያንኑ ቅርጽ በፈጠራ ቁጥሮችና በሌላ የዕቃ ስም ሞልታ አዘጋጀችው፤ ናሙና መሆኑንም ከላይ ጻፈችበት።

ቀረጻው ላይ የተሳሳትነው

የመጀመሪያ ቀን ጽሑፉን ከስልኩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ለጥፈን አስነበብናት። ቪዲዮውን ስናየው ዓይኖቿ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ይታያል። የምታነብ ሰው መሆኗ በሦስተኛው ሰከንድ ይታወቃል። በቃል አጥንታ ስትሞክር ደግሞ አንድ ቃል ሲጠፋባት ሁሉም ይጠፋባታል። የሠራልን ሌላ መንገድ ነው፦ ሙሉውን ጽሑፍ አሥር ጊዜ ያህል ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ «ሁለት ነገር፣ 48 እና 9፣ 7 እና 2፣ ሐምሌ 1» የሚሉትን ብቻ በትልቁ ጽፋ ከካሜራው አጠገብ ለጠፈች። በየቀረጻው ቃላቱ ትንሽ ይለያያሉ፤ ሐሳቡ ግን አይጠፋም።

ሁለተኛው ስሕተት ድምፅ ነበር። ዶርም ውስጥ ስንቀርጽ የኮሪደሩ ጫጫታ ገባ። የጆሮ ማዳመጫዋን ማይክ ከሒጃቧ በታች ስታደርገው ደግሞ አንገቷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ጨርቁ ማይኩን እየነካ ኮሽ ኮሽ አለ። ማይኩን ከሒጃቡ ውጪ አውጥታ በመርፌ ቁልፍ ስታያይዘው ድምፁ ጠራ። ቦታውንም ጠዋት ገና ሰው ሳይገባ ወደ አንድ ባዶ የመማሪያ ክፍል ቀየርነው።

ብርሃኑን በተመለከተ ያወቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱ ከፊት ለፊት ይሁን፣ ከኋላ አይሁን። መስኮት ከኋላ ሲሆን ፊት ይጠቁራል። ስልኩ በዓይን ቁመት ልክ በመጻሕፍት ላይ ተደግፎ፣ የአንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ። የተቋጠረና የተዥጎረጎረ ጨርቅ ካሜራ ላይ ዓይን ይስባልና አንድ ወጥ ቀለም ያለው ሒጃብ ይሻላል። ኒቃብ የምትለብስ እህት ደግሞ ከማመልከቷ በፊት ለድርጅቱ ጽፋ በድምፅ ብቻ ልትልክ ትችል እንደሆነ ትጠይቅ። ጥያቄው አጭርና ቀጥተኛ ይሁን፤ መልሱም ከድርጅቱ ጋር መሥራት እንደሚመቻት አስቀድሞ ሊነግራት ይችላል።

ከመላካችሁ በፊት

ቪዲዮው መሥራቱን ለማወቅ አንድ ፈተና እንጠቀማለን። እናንተን ለማያውቅ፣ ከሌላ ዲፓርትመንት ላለ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣችሁ «ምን መሥራት እችላለሁ? የት ሠራሁት? መቼ መጀመር እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሦስቱንም ከመለሰ ላኩት። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ከተንተባተበ ምሳሌው ግልጽ አይደለም ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ላይ ከተንተባተበ ችሎታው በዝቷል ወይም በቅጽል ተነግሯል። ለእህታችን ይህን ያደረገላት አንድ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነበር። መጀመሪያ የመለሰው «ዘጠኝ ዕቃ ጠፍቶ ሰባቱን አገኘች» የሚለውን ነው። በትክክል አልጠፋም፣ አልተጻፈም እንጂ። ስለዚህ «ዕቃ ወጥቶ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ የቀረባቸውን ቀናት አገኘሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጨመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢንተርንሺፕ ያልወጣችሁስ? ምሳሌው ከደመወዝ ሥራ መምጣት የለበትም። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ሊሆን ይችላል። በረመዳን የኢፍጣር ኮሚቴ ውስጥ ገንዘብ የያዘ፣ የተምር ግዢውን የተቆጣጠረ ወይም የተራ መርሐ ግብሩን ያወጣ ወንድም ከዚህ የተሻለ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። መስፈርቱ አንድ ነው፦ ያልገጠመ ነገር ነበር፣ እናንተ አንድ ነገር አደረጋችሁ፣ ከዚያ በቁጥር ወይም በዓይን የሚታይ ለውጥ መጣ። «አስተባባሪ ነበርኩ» ሥልጣን ነው፤ ምሳሌ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። ቪዲዮ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። የድርጅቱን አድራሻ የማይጠቅስ፣ «ለምዝገባ» ወይም «ለሥልጠና» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ፊታችሁንና ድምፃችሁን አትላኩለት። በቪዲዮው ውስጥም የመታወቂያ ቁጥርና የመኖሪያ አድራሻ አትናገሩ።

እህታችን ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ላከችው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። የድርጅቱ የሒሳብ ኃላፊ ሰላም ካላት በኋላ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ «እነዚያ ሁለቱ ዕቃዎች ኋላ ምን ሆኑ?» የሚል ነበር። «እኔ እስክወጣ አልታወቀም» አለችው፤ ሌላ ምን ብታደርግ ኖሮ ሊገኙ ይችሉ እንደነበርም አስረዳችው። ናሙናዋንም አውጥታ አሳየችው። ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሲገባ የመጨረሻውን መልስ እየጠበቀች ነው፤ ዱዓችሁ አይለያት።

በሚቀጥሉት ሁለት ጁሙዓዎች ከአስር ሰላት በኋላ ረቂቃችሁን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን ሰዓት ይዘን እናዳምጣለን። ስትመጡ የሥራ ማስታወቂያውንም ይዛችሁ ኑ፤ ሥራችን የሚጀምረው ከእሱ ላይ ግሶቹን በማስመር ነውና።